ልጅን ሲያስቀምጠው፦ ኦአርኤስን በትክክል በጥብጦ መስጠት

ደሴ ውስጥ ሕፃናትን የማክም ሐኪም ነኝ። ክረምት ገብቶ ውሃው ሲደፈርስ ከእናቶች ደጋግሜ የምሰማው አንድ ነገር አለ። «ዶክተር፣ ኦአርኤሱን ሰጥቼው ነበር፤ አልሠራለትም።» ምን ያህል እንደሰጡ ስጠይቅ መልሱ ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ጠዋት በጥብጠው ሰጡት። እስከ ከሰዓት ተቅማጡ አልቆመም። ስለዚህ ተዉት።

ኦአርኤስ፣ ማለትም በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ተቅማጥ አያቆምም። ሥራው እሱ አይደለም። ሥራው ልጁ በተቅማጥና በትውከት ያጣውን ውሃና ጨው መተካት ነው። በተቅማጥ ጊዜ ልጅን በፍጥነት ለሞት የሚያደርሰው በአብዛኛው ይህ የውሃ እጥረት ነው። ተቅማጡ ራሱ፣ ብዙውን ጊዜ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይቆማል። እኛ የምንሠራው ልጁ እስከዚያ ድረስ እንዳይደርቅ ነው።

ይህን ካወቃችሁ «ሠራ ወይስ አልሠራም?» የሚለውን በትክክል መመዘን ትችላላችሁ። ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠው አትቁጠሩ። ሽንቱን እዩ። አፉ ረጥቧል ወይ? ሲያለቅስ እንባ አለው? ዓይኑ ንቁ ነው? እነዚህ ደህና ከሆኑ፣ ተቅማጡ ቢቀጥልም ኦአርኤሱ እየሠራ ነው።

መጀመሪያ፦ ቤት ውስጥ መታከም የሌለበት ልጅ

ከመበጥበጣችሁ በፊት ልጁን በደንብ እዩት። ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ። የተበጠበጠ ኦአርኤስ ካለና ልጁ መዋጥ ከቻለ፣ በመንገድም ጭምር በማንኪያ እየሰጣችሁ ሂዱ። ራሱን የሳተ ወይም መዋጥ ያቃተው ልጅ አፍ ውስጥ ግን ምንም አታድርጉ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ልጁ መጠጣት ወይም ጡት መጥባት ካቃተው። የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልሰው ከሆነ። ከተዝለፈለፈ፣ ሲጠሩት በደንብ የማይነቃ ከሆነ ወይም ካንቀጠቀጠው። ዓይኑ ወደ ውስጥ ከገባ። በሕፃን ላይ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ። ለስድስት ሰዓት ያህል ሽንት ካልሸና። በሰገራው ውስጥ ደም ካያችሁ። ሰገራው የሩዝ ውሃ መስሎ በብዛት የሚወርድ ከሆነ፤ ይህ አተት ሊሆን ይችላል፣ በሰዓታት ውስጥ ሰው ያደርቃል።

የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋችሁ ልቀቁት። ወዲያው ከተመለሰ ጥሩ ነው። ተሸብሽቦ ቆይቶ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ውሃ አጥሮታል። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በጣም የከሳ ልጅ ቆዳ ውሃ ባያጥረውም ቀስ ብሎ ይመለሳል። ወፍራም ሕፃን ደግሞ ውሃ አጥሮት ቆዳው ቶሎ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በቆዳ ብቻ አትወስኑ።

ሁለት ዓይነት ልጆችን ደግሞ፣ ሌላ ምልክት ባታዩም፣ ይዛችሁ ኑ። አንደኛው ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ነው። ሁለተኛው በምግብ እጥረት በጣም የከሳ ወይም እግሩ ያበጠ ልጅ ነው። ለዚህ ልጅ የፈሳሹ ዓይነትም መጠኑም ይለያል። በብዛት ከተሰጠው ልቡን ሊያጨናንቀው ስለሚችል በባለሙያ እጅ መሆን አለበት።

አበጣበጡ

ኦአርኤስ በጤና ኬላም፣ በጤና ጣቢያም፣ በመድኃኒት ቤትም ይገኛል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚሉትም እሱኑ ነው። ፓኬቱን ስትይዙ መጀመሪያ የምታነቡት ለስንት ውሃ እንደሆነ ነው። በአብዛኛው የምናገኘው ለ1 ሊትር የተዘጋጀ ነው። ለግማሽ ሊትር የሚሆንም አለ። ማንበብ ካልቻላችሁ የሰጣችሁን ሰው ጠይቁ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትነግራችኋለች።

ውሃውን አፍሉት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል ይፍላ። ወገልጤና ወይም ኩታበር ላላችሁም እንዲሁ ነው። ከዚያ ክዳኑን ሳትከፍቱ ይቀዝቅዝ። ማገዶ ከሌለ በውሃ አጋር የታከመ ውሃ ይሆናል፤ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። አንድ ሊትር ውሃ ለኩ። ለመለካት የሚቀለው የውሃ ሃይላንድ ነው። ባለ 1 ሊትሩ አንድ፣ ባለ ግማሽ ሊትሩ ሁለት። ውሃው ገና ትኩስ ከሆነ ፕላስቲኩ ስለሚጨማደድ ልኩ ይዛባል፤ ሲቀዘቅዝ ለኩ። ውሃውን ንጹሕና ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ገልብጡት። ፓኬቱን ሙሉውን፣ እስከ መጨረሻው ጨምሩ። እስኪሟሟ አማስሉት። ቅመሱት። እንባ ያህል ጨው ሊል ይገባል፤ ከእንባ በላይ ጨው ካለው ውሃው አንሷል ማለት ነው፣ ድፉትና እንደገና በጥብጡ።

ፓኬቱን ከፍላችሁ አትጠቀሙ። ብዙ እናቶች ለመቆጠብ ብለው ግማሹን በብርጭቆ ውሃ ይበጠብጣሉ። በጎ ሐሳብ ነው፤ ልኩ ግን ይጠፋል። ልክ ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ።

በሽታው የአንጀትን ግድግዳ ሲጎዳ ውሃ መምጠጥ ይከብደዋል። አንድ በር ግን በአብዛኛው ሳይዘጋ ይቆያል። ስኳርና ጨው አብረው ሲመጡ የሚገቡበት በር ነው። ሁለቱ በዚያ ሲገቡ ውሃው ተከትሏቸው ይገባል። ፓኬቱ የተሠራው ለዚህ ነው። ስኳሩ ከበዛ ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስብና ተቅማጡን ያብሰዋል። ጨው ከበዛ ደሙ ውስጥ ይከማቻል፤ የሕፃንን አንጎል ሊጎዳና ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ውሃው ከበዛ ደግሞ የጠፋውን ጨው አይተካም።

በሌላ ነገርም አትበጥብጡት። በሻይ፣ በወተት፣ በጁስ አይሆንም። ስኳር አትጨምሩበት። ከበጠበጣችሁት በኋላ አታፍሉት። ከድናችሁ ጥላ ቦታ አስቀምጡት። ከ24 ሰዓት በኋላ የቀረውን ድፉና አዲስ በጥብጡ።

ስንት ይስጡት?

ካስቀመጠው በኋላ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ነው የምትሰጡት። ሁለት ዓመት ላልሞላው ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር። ልጁ ተጨማሪ ከፈለገ ተጨማሪ ስጡት።

ሚሊ ሊትር ቤት ውስጥ ማን ይለካል? በየቤታችን ሲኒ አለ። የሲኒ መጠን ግን ይለያያል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ይህን አድርጉ። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ ሲኒያችሁን እየሞላችሁ ቁጠሩ። ሰባት ሲኒ ከሞላ አንዱ 70 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። አምስት ከሞላ 100 ነው። አሁን የራሳችሁ መለኪያ አላችሁ። ያቺን አንዲት ሲኒ ለይታችሁ አስቀምጡ።

አሰጣጡ ከመጠኑ ያላነሰ ወሳኝ ነው። ሲኒውን ሙሉ በአንዴ ቢያጠጡት የተረበሸው ሆድ ወዲያው ይመልሰዋል። ለትንሹ ልጅ በሻይ ማንኪያ፣ በየአንድ ወይም ሁለት ደቂቃው አንድ ማንኪያ። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው። በየደቂቃው አንድ ብትሰጡት 70 ሚሊ ሊትሩ በ14 ደቂቃ ያልቃል። ትልቁ ልጅ ከሲኒው ፉት ፉት ይበል። ጡጦ አትጠቀሙ፤ በደንብ ለማጽዳት ያስቸግራል።

ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ በየሁለት ሦስት ደቂቃው አንድ ማንኪያ እያላችሁ ቀጥሉ። «ስላስመለሰው አቆምኩ» የሚለው ሌላው ትልቅ ስህተት ነው። ቢያስመልሰውም ከሰጣችሁት የተወሰነው ውስጥ ይቀራል።

ይህ ሥራ አድካሚ መሆኑን አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊትም ጭምር ማንኪያ መያዝ ነው። እናት ብቻዋን አትችለውም። አያትም፣ አባትም፣ ታላቅ እህትም ይቀባበሉት።

ጡት፣ ምግብና ዚንክ

ጡት የሚጠባ ልጅ ጡቱን አታቋርጡበት። እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ምግብ የጀመረ ልጅ ምግቡ ይቀጥላል። «ሆዱ እንዲያርፍ» ብሎ ማስራብ አቅሙን ይጨርሰዋል። ሙቅ፣ የለሰለሰ ገንፎ፣ ቅንጬ፣ ሩዝ፣ የተፈጨ ድንች፣ እርጎ ይሆናሉ። በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ። ከዳነ በኋላ ደግሞ ለሁለት ሳምንት ያህል በቀን አንድ ማዕድ ጨምሩለት፤ የከሳውን እንዲመልስ።

ከኦአርኤሱ ጋር የዚንክ ክኒን ይሰጣችኋል። ባለ 20 ሚሊ ግራም ክኒን ከሆነ ከስድስት ወር በታች ላለ ልጅ በቀን ግማሽ፣ ከስድስት ወር ጀምሮ በቀን አንድ ሙሉ ነው። ለ10 ቀን። ክኒኑን በማንኪያ ላይ አድርጋችሁ በታለበ ጡት፣ በንጹሕ ውሃ ወይም በኦአርኤሱ አርጥቡት፤ ቶሎ ይሟሟል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ትንሽ አሳርፋችሁ ድገሙት።

ዚንክ ተአምር አይሠራም። ከስድስት ወር በላይ ባሉ ልጆች በተደረጉ ጥናቶች ተቅማጡን በአማካይ የግማሽ ቀን ያህል አሳጥሯል። አንዳንዱን ልጅ ራሱ ዚንኩ ያስመልሰዋል። ሆኖም የዚንክ እጥረት ባለበት እንደኛ ባለ አካባቢ ይህችም ጥቅም ዋጋ ስላላት እንሰጣለን። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም አሥሩን ቀን ጨርሱት።

የማይጠቅሙና የሚጎዱ

ለስላሳ መጠጥ፣ የታሸገ ጁስና ብዙ ስኳር ያለው ሻይ ቅድም በነገርኳችሁ ምክንያት ተቅማጡን ያብሳሉ። ለትንሽ ልጅ ተቅማጥ የሚያቆም መድኃኒት አትስጡ። አንጀቱን ያደነዝዘዋል እንጂ ውሃውን አይተካም፤ እንቅልፍ እንቅልፍ እንዲለው ወይም ሆዱ እንዲነፋ ሊያደርገው ይችላል። ለታላቅ ወንድሙ ታዝዞ የተረፈ አንቲባዮቲክም አይሰጥም። የልጆች ተቅማጥ በብዛት ከቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። ደም ያለበት ተቅማጥና አተት ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ እሱን ግን ሐኪም አይቶ ነው የሚያዘው።

«ግሉኮስ ይተከልለት» የሚሉኝ አባቶች አሉ። ሐሳባቸው ይገባኛል፤ በመርፌ የገባ ነገር የበረታ ይመስላል። መዋጥ ላቃተው ወይም ክፉኛ ለደረቀ ልጅ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሕይወቱን ያተርፋል፣ እንሰጠዋለንም። መጠጣት ለሚችል ልጅ ግን ኦአርኤስ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 ከምሥራቅ ፓኪስታን፣ ከዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ ወደ ሕንድ በሸሹ ስደተኞች መጠለያ ኮሌራ ሲገባ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ በውሃ በጥብጠው በሽተኞቹ እንዲጠጡ አደረጉ። 30 በመቶ ገደማ የነበረው ሞት እሳቸው ባከሟቸው ላይ ወደ 4 በመቶ ገደማ ወረደ።

አንድ ነገር ደግሞ ለአያቶች። እማማ፣ ልጁ ተቅማጥ የያዘው በጥርሱ የተነሳ አይደለም። ጥርስ በሚያወጣበት ዕድሜ ልጁ መሬት ላይ ይድሃል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ጀርሙ የሚገባው በዚህ ነው። ድዱን ፈልፍሎ የወተት ጥርስ ማስነቀል ወይም እንጥል ማስቆረጥ ተቅማጡን አያቆመውም። ደም ያፈሰዋል፣ ቁስሉም ይመረቅዛል። እባክዎ አያስደርጉት።

ፓኬት በእጅ ከሌለስ? እስክታገኙ ድረስ ጡት፣ የሩዝ ውሃ፣ ቀጠን ያለ ሙቅ ስጡት። ጨውና ስኳር ቤት ውስጥ መበጥበጥም ይቻላል፤ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው። ልሙጥ ያልኩት ከአፉ በላይ ያልተቆለለ ማለቴ ነው። ይህ ፓኬቱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም የለውም፤ በጨው መሳሳትም ቀላል ነው። መንገድ ላይ ላለ ሰው እንጂ ፓኬት ላለው አይደለም።

አንድ ቀን ከአንድ ልጅ ጋር

ሐይቅ አጠገብ የምትኖር አንዲት እናት እንውሰድ። የ14 ወር ወንድ ልጅ አላት። ሌሊት ጀምሮት እስከ ጠዋት አምስት ጊዜ አስቀመጠው፣ ሁለት ጊዜ አስመለሰው። ደም የለውም። ይነጫነጫል እንጂ አልተዝለፈለፈም። ጡት ይዟል። ሲያለቅስ እንባ አለው። ስለዚህ ቤት ትጀምራለች።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ሊትር በጠበጠች። ሲኒዋ 70 ሚሊ ሊትር ትይዛለች። ከስድስተኛው ማስቀመጥ በኋላ በማንኪያ ጀመረች። አራተኛው ማንኪያ ላይ አስመለሰው። 10 ደቂቃ ጠበቀች። ከዚያ በየሦስት ደቂቃው አንድ ማንኪያ። ሲኒዋን ለመጨረስ 40 ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሁለተኛው ሲኒ ላይ ግን አላስመለሰውም፤ ወደ በየደቂቃው ተመለሰች።

ስድስት ሰዓት ላይ ዳይፐሩ በሽንት ረጠበ። ይህን ነው የምትጠብቀው። ከስድስተኛው ጀምሮ እስከ ማታ ስምንት ጊዜ አስቀመጠው፤ ስምንት ሲኒ፣ ወደ 560 ሚሊ ሊትር ወሰደ። በመሐል ጡትና ሙቅ። ዚንኩንም ሰጠችው። ሌሊት አያቱ አገዟት።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የቀረውን ደፋችና አዲስ በጠበጠች። ያን ቀን ስድስት ጊዜ አስቀመጠው። ጎረቤት መጥታ «አሁንም አልቆመም? መድኃኒቱ አይረባም፣ ሌላ ነገር ስጪው» አለቻት። እናቱ ግን ሽንቱን ቆጥራለች፤ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ። አፉ ርጥብ ነው። ከዶሮዋ ኋላ መሮጥ ጀምሯል። «አብሽሪ፣ እየጠጣ ነው» ብላ ቀጠለች። ትክክል ነበረች።

መቼ ቢሆን ነው መነሳት ያለባት? ሦስት ሲኒ ተከታትሎ ቢያስመልሰው። ከጠዋት እስከ ቀትር ዳይፐሩ ደረቅ ቢሆን። በሰገራው ደም ብታይ ወይም ትኩሳት ቢይዘው። ጡት እምቢ ቢል። ከእነዚህ አንዱን ካየች የኦአርኤሱን ዕቃ ይዛ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ «ነገ ይሻለዋል» አትልም። ባይብስበትም በአምስት ቀን ካልተሻለው ትሄዳለች። ሁለት ሳምንት የሞላው ተቅማጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ችግር ስለሆነ ምርመራ ይፈልጋል።

ይህ ልጅ በአራተኛው ቀን ሰገራው ጠንከር አለ። ኦአርኤሱ ያን ዕለት ቆመ። ዚንኩ ግን እስከ አሥረኛው ቀን ይቀጥላል። በስድስተኛና በአሥረኛ ሳምንቱ የሮታ ቫይረስ ክትባት የወሰደ ልጅ ነው። ክትባቱ ከባዱን የሮታ ተቅማጥ በብዙ ይቀንሳል፣ ሌሎቹን ተቅማጦች ግን አይከላከልም። ስለዚህ እናቱ ሁለት ፓኬት ኦአርኤስ ከዚያች ሲኒ ጋር መደርደሪያው ላይ አስቀምጣለች።